የልብ ምት ብቻውን ያልነገረን

እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካዋ ዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ ወጣቶች አልጋ ላይ ወጥተው ለሃያ ቀናት ተኙ። ዕድሜያቸው ሃያ ዓመት አካባቢ ነበር። ሦስቱ ስፖርት የማያዘወትሩ፣ ሁለቱ ግን ልምምድ የለመዱ ነበሩ። ያስተኟቸው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳውዝዌስተርን የሕክምና ትምህርት ቤት ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው አንዱ ስዊድናዊው ቤንግት ሳልቲን ነው። ወጣቶቹ ከመተኛታቸው በፊት ትሬድሚል ላይ ወጥተው «ከዚህ በላይ አልችልም» እስኪሉ ሮጡና ተለኩ። ሃያው ቀን ሲሞላ ከአልጋ ወርደው እንደገና ሮጡ። ከዚያ ለ55 ቀናት ከባድ ልምምድ ሠርተው ለሦስተኛ ጊዜ ተለኩ።

ከመተኛታቸው በፊት ሰውነታቸው በከፍተኛ ጥረት ላይ በደቂቃ በአማካይ 3.3 ሊትር ኦክሲጅን ይጠቀም ነበር። ከአልጋ ሲነሱ ይህ መጠን ወደ 2.43 ሊትር ወረደ። በሃያ ቀን ውስጥ ከአቅማቸው አንድ አራተኛው ተሸርሽሮ ሄደ ማለት ነው። ከልምምዱ በኋላ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልፎ 3.91 ሊትር ደረሰ።

አሁን የልብ ምታቸውን እንይ። ጥረታቸው ጣሪያ ሲነካ ልባቸው መጀመሪያ በደቂቃ 193 ጊዜ ይመታ ነበር፤ ከአልጋ ሲነሱ 197፣ ከልምምዱ በኋላ 191 ሆነ። በሦስቱም ጊዜ ያው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንዲያውም ሰውነታቸው በደከመበት ወቅት ልባቸው ትንሽ ፈጥኖ፣ በበረታበት ወቅት ትንሽ ዘግይቶ መትቷል። ያን ጊዜ የእጅ ሰዓት ታስሮላቸው ቢሆን ኖሮ፣ ሰዓቱ የተዳከመውንና የበረታውን ሰው ከጣሪያ ምታቸው ለይቶ ማሳየት አይችልም ነበር።

ልዩነቱ የተደበቀው ልብ በአንድ ምት በሚረጨው ደም ውስጥ ነው። ይህ መጠን መጀመሪያ 104 ሚሊ ሊትር ነበር፤ ከአልጋ በኋላ 74፣ ከልምምድ በኋላ 120 ሆነ። ሰው ሲሮጥ በደረቱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ለመረዳት ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1870 ያቀረበው ሐሳብ ሂሳቡን ቀለል አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሰውነት በደቂቃ የሚጠቀመው ኦክሲጅን የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይመታል፣ በእያንዳንዱ ምት ስንት ደም ይረጫል፣ ጡንቻውስ ከሚደርሰው ደም ውስጥ ስንት ኦክሲጅን ያወርዳል። ውሃ ከቦኖ ወደ ቤት በጀሪካን የሚያመላልስ ሰው ይህን ሂሳብ ሳይነገረው ያውቀዋል። ስንት ጊዜ ተመላለሰ፣ ጀሪካኑ ስንት ይይዛል፣ ቤት ሲደርስ ምን ያህሉ ተገለበጠ? በምልልሱ ብዛት ብቻ የቤቱን ውሃ ማስላት አይቻልም።

ጥረት ሲጨምር ሦስቱም ከፍ ይላሉ፤ ነገር ግን እኩል አይሄዱም፣ አንድ ቦታ ላይም አይቆሙም። ይህን ለማየት ከዳላሶቹ ወጣቶች ጋር የሚመሳሰል አንድ ሰው እንውሰድና ደረጃ በደረጃ እንከተለው። ጣሪያው ላይ የምጠቀማቸው ቁጥሮች የዳላሶቹ ናቸው፤ ከዚያ በታች ያሉት ግን ሂሳቡን ለማሳየት የተቀመጡ፣ እንዲህ ላለ ሰው የሚቀርቡ ግምቶች ናቸው።

ሰውየው ቆሟል። ልቡ በደቂቃ 75 ጊዜ ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምት 65 ሚሊ ሊትር ያህል ይረጫል። ይህም በደቂቃ አምስት ሊትር ገደማ ይሆናል፤ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም በሙሉ በአንድ ደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞራል እንደ ማለት ነው። ከሳንባ የሚመጣው እያንዳንዱ ሊትር ደም 200 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክሲጅን ይይዛል። የቆመ ሰው ከዚህ የሚጠቀመው 55 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ ደሙ ከያዘው ኦክሲጅን አብዛኛውን ሳያወርድ ወደ ልብ ይመለሳል። ጠቅላላ ፍጆታው በደቂቃ ሩብ ሊትር ትንሽ ቢያልፍ ነው።

መራመድ ሲጀምር የመጀመሪያው ለውጥ ገና ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ይታያል። ልቡ ወዲያው ይፈጥናል። ይህ ፍጥነት ከአድሬናሊን የመጣ አይደለም። ዕረፍት ላይ ያለ ልብ ቬገስ በተባለው ነርቭ ልጓም ተይዞ ነው የሚኖረው፤ አንጎል ጡንቻውን «ሂድ» ሲለው በዚያው ቅጽበት ልጓሙን ያላላል። ምቱ 100 አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ሥራው በአብዛኛው ይህ መላላት ነው። ከዚያ በላይ ሲሄድ ደግሞ ሲምፓቴቲክ የሚባሉት ነርቮችና አድሬናሊን ልብን ወደፊት ይገፉታል። ሯጮች መነሻው መስመር ላይ ቆመው ሽጉጡ ሳይተኮስ ምታቸው ከፍ የሚለውም አንጎል ከጡንቻው ቀድሞ ትእዛዝ ስለሚሰጥ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ከሰዓት እይታ ውጭ ነው። ሰው ሲቆም ደሙ በክብደቱ ወደ እግሩ ይወርድና ወደ ልብ የሚመለሰው ይቀንሳል። በጀርባ ተኝቶ ልቡ በአንድ ምት ብዙ ደም የሚረጭ ሰው፣ ሲቆም መጠኑ ዝቅ የሚልበት ምክንያት ይኸው ነው። መራመድ ሲጀምር የባቱ ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር በውስጡ ያሉትን የደም መልስ ሥሮች ይጨምቃቸዋል። በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ቫልቮች ደሙ ወደታች እንዳይመለስ ስለሚያግዱት ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። ትንፋሹ ጠለቅ ሲል ደግሞ ደረቱ ደሙን ወደራሱ ይስባል። ልብ በብዛት ሲሞላ ግድግዳው ይለጠጣል፤ የተለጠጠ የልብ ጡንቻ ደግሞ በበለጠ ኃይል ይኮማተራል። ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክና እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ የደረሱበት ሕግ ይህ ነው፤ ልብ የመጣለትን ሁሉ መልሶ ይልካል። በዚህ ላይ ነርቮቹ ጡንቻውን ያጠነክሩታልና ዕረፍት ላይ ከያዘው ደም 60 በመቶ ያህሉን ይረጭ የነበረው ልብ አሁን ከዚያ የበለጠ ይረጫል።

ስለዚህ በጥሩ እርምጃ ላይ ምቱ 100፣ የአንድ ምት ደሙ 90 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በደቂቃ 9 ሊትር ማለት ነው። ጡንቻው ከእያንዳንዱ ሊትር 90 ሚሊ ሊትር ኦክሲጅን ይወስዳል፤ ፍጆታውም 0.8 ሊትር ይደርሳል። ወደ ሶምሶማ ሲያልፍ፣ ማለትም የአቅሙን ግማሽ ሲጠቀም፣ ምቱ 135፣ የአንድ ምት ደሙ 102 ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም ብለን ማስተዋል አለብን። ከአቅሙ ገና ግማሹ ይቀረዋል፤ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ግን ጣሪያው ላይ ደርሷል ማለት ይቻላል። ፐር ኦሎፍ ኦስትራንድና የሥራ ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ በስዊድን ሰዎችን ሲለኩ ያዩት ይህንኑ ነው። የአቅም 40 በመቶ አካባቢ ሲደረስ መጠኑ መጨመሩን ያቆማል። ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት ሁሉ ምትና ጡንቻው የሚያወርደው ኦክሲጅን ይወጡታል።

ለምን ይቆማል? የመጀመሪያው ምክንያት ጊዜ ነው። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ እያንዳንዱ ዙር አንድ ሰኮንድ ይወስዳል፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ልብ ዘና ብሎ የሚሞላበት ጊዜ ነው። 190 ሲመታ ግን አንድ ዙር ከሰኮንድ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም፤ ለመሙያ የሚተርፈውም ከሰኮንዱ አንድ ስድስተኛ እንኳ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ ደም መግባት አለበት። ሁለተኛው ምክንያት ልብን የሚሸፍነው ጠንካራ ከረጢት ነው። ልብ በጣም ሲሞላ ከረጢቱ ከውጭ ይይዘዋል። እንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ይህ ከረጢት ሲከፈት በአንድ ምት የሚረጨው ደምም ከፍተኛው የኦክሲጅን ፍጆታም ጨምሯል። በእኔ ግምት ከዚህ መስክ ግኝቶች ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ይህ ነው። የልብ ጡንቻ ተጨማሪ አቅም እያለው መያዣው ይገድበው ነበር ማለት ነውና።

ለዓመታት የሠለጠኑ የረጅም ርቀት ሯጮች ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። ደማቸው በመጠን ይበዛል፤ የልባቸው ግድግዳ ይለጠጣል፤ በአጭር ጊዜ ውስጥም ፈጥኖ ይሞላል። በብዙዎቹ ላይ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ግማሽ መንገድ ላይ አይቆምም፤ እስከ ጣሪያው ድረስ እየጨመረ ይሄዳል፤ 150 ሚሊ ሊትርንም የሚያልፍ አለ። ዕረፍት ላይ የአንዳንዶቹ ምት 40 አካባቢ መሆኑ የዚሁ ሌላ ገጽታ ነው። አምስት ሊትሩን ለመላክ ብዙ መምታት አያስፈልጋቸውም። የዳላሶቹ ወጣቶች ከአልጋ ሲነሱ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሲተኙ የደማቸው ውሃማ ክፍል ቀነሰ፤ ልባቸውም አነሰ፤ ሲቆሙ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ጎደለ። 74 ሚሊ ሊትር በ197 ሲባዛ 14.6 ሊትር ገደማ ነው። ከመተኛታቸው በፊት 104 በ193 ሲባዛ 20 ሊትር ነበር።

ወደ ሰውየው እንመለስ። የአቅሙን 80 በመቶ ሲጠቀም ምቱ 170፣ የአንድ ምት ደሙ 104፣ ጡንቻው ከእያንዳንዱ ሊትር የሚወስደው 148 ሚሊ ሊትር ነው። ጣሪያው ላይ ምቱ 193 ይደርሳል፤ ልቡ በደቂቃ 20 ሊትር ይልካል፤ ከእያንዳንዱ ሊትርም 162 ሚሊ ሊትር ኦክሲጅን ይራገፋል። ሦስቱን ስናባዛ 3.25 ሊትር ያህል ይመጣል። ቆሞ ከነበረበት ጋር ስናነጻጽር ምቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ጨምሯል፤ የአንድ ምት ደሙ እጥፍ እንኳ አልሆነም፤ ጡንቻው የሚወስደው ደግሞ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ሦስቱ ሲባዙ ግን ፍጆታው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው።

ሦስተኛው ቁጥር ሦስት እጥፍ የሚሆነው ደሙ ወደሚፈለግበት ቦታ ስለሚዞር ነው። ዕረፍት ላይ ከልብ ከሚወጣው ደም ወደ ጡንቻ የሚሄደው ከአምስት አንዱ ቢሆን ነው፤ ኩላሊቱ፣ ጉበቱና አንጀቱ ከፍተኛውን ድርሻ ይወስዳሉ። ጣሪያው ላይ 80 በመቶውና ከዚያ በላይ ወደሚሠሩት ጡንቻዎች ይሄዳል። ሲምፓቴቲክ ነርቮች በመላ ሰውነት የደም ቅዳ ሥሮችን ያጠብባሉ፤ በሚሠራው ጡንቻ ውስጥ ግን ጡንቻው ራሱ የሚያመነጫቸው ነገሮች ያንን ትእዛዝ ይሽሩታል። ፖታሲየም፣ አዴኖሲን፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ያሰፏቸዋል። ብዙ የሠራ ጡንቻ ብዙ ያመነጫል፤ ብዙም ይቀበላል። በተጨማሪም የዴንማርኩ ክርስቲያን ቦር እ.ኤ.አ. በ1904 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እንዳሳየው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ሂሞግሎቢን ኦክሲጅኑን ቶሎ ይለቃል። አሲድና ሙቀትም ያንኑ ያደርጋሉ። ስለዚህ ደሙ በሚነድ ጡንቻ ውስጥ ሲያልፍ ማራገፉ ይቀለዋል። አንጎል ድርሻውን ብዙም ሳያጣ ይቆያል። ልብ ራሱ ግን ለየት ያለ ችግር አለበት። ዕረፍት ላይም ቢሆን ከሚደርሰው ደም 70 በመቶ ያህሉን ኦክሲጅን ስለሚወስድ፣ ተጨማሪ ሲፈልግ መላው ብዙ ደም መቀበል ብቻ ነው። የልብ ደም ሥሩ የጠበበ ሰው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ዳገት፣ በአንድ ዓይነት ጥረት ላይ ደረቱን የሚጨንቀው፣ ሲያርፍ ደግሞ የሚለቀው ለዚህ ነው። እንዲህ የሚሰማው ሰው ሩጫውን አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ጣሪያው ላይ የሚያንሰው ምንድን ነው፣ ጡንቻው ወይስ ልብ? መልሱን የሰጠው አሁንም ሳልቲን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ከፐር አንደርሰን ጋር ሆኖ። ሰዎቹ ተቀምጠው በአንድ እግራቸው ብቻ፣ የጭናቸውን የፊት ጡንቻ እየተጠቀሙ፣ ጉልበታቸውን እንዲዘረጉ አደረጓቸው። ልብ ያን ትንሽ ጡንቻ ለመመገብ አይቸገርም። በዚያ ሁኔታ አንድ ኪሎ ጡንቻ በደቂቃ 2.5 ሊትር ያህል ደም ተቀበለ። እስቲ እናስላው። የሚሮጥ ሰው 15 ኪሎ ጡንቻ ቢያሠራ፣ ሁሉም ይህን ያህል ቢጠይቅ፣ 37.5 ሊትር ይፈለጋል። የኛ ሰው ልብ ያለው 20 ሊትር ነው። ሙሉ በሙሉ ቢከፈትለት ጡንቻው የደም ግፊቱን ያወርደውና ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ስለዚህ ነርቮቹ የሚሠሩትን ጡንቻዎች ጭምር በከፊል ያጠብቧቸዋል። ሰው በሙሉ ሰውነቱ ሲሮጥ ጣሪያውን የሚወስነው በዋናነት ከልብ የሚላከው ደምና በውስጡ ያለው ኦክሲጅን ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የዳላሶቹ ሰዎች ታሪክ ግን ለጡንቻውም ድርሻ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 አምስቱም ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ተጠርተው እንደገና ተለኩ። ከፍተኛ ምታቸው ወደ 181 ወርዶ ነበር፤ ከፍተኛው የኦክሲጅን ፍጆታቸውም ከ3.3 ወደ 2.9 ሊትር። ሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያጎደለባቸው ሃያ ቀን አልጋ ካጎደለባቸው ያንሳል። ከስድስት ወር ልምምድ በኋላ ወደ ሃያ ዓመታቸው ልክ ተመለሱ፤ በዚህ ጊዜ ግን ልባቸው የሚልከው ደም አልጨመረም። የጨመረው ጡንቻቸው ከእያንዳንዱ ሊትር የሚወስደው ኦክሲጅን ነው። በወጣትነት ልምምዱ በአንድ ምት የሚረጨውን ደም ከፍ አድርጎ ነበር፤ በሃምሳ ዓመት ያው ዓይነት ውጤት በሌላ በር መጣ።

አሁን ከቤተ ሙከራው ወደ ልምምድ ሜዳ እንውጣ። ሱሉልታ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ኮረኮንቹ ላይ ሯጮች በሰልፍ ያልፋሉ። ከአንድ ዙር በኋላ አንዲት ወጣት ሰዓቷን እያየች «ኮች፣ 178 ይላል፤ ግን ቀለል ብሎኛል» አለች። አሰልጣኙ ቁጥሩን ሳያይ «እያወራሽኝ እኮ ነው» ብሎ መለሰላትና ደረቷ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ አውጥቶ ሰጣት። እሷም ጨርቁን በውሃ አርጥባ አሰረችው። በሚቀጥለው ዙር 144 አሳየ። የእጅ ሰዓቱ ያነበበው ልቧን ሳይሆን እግሯን ነበር። ሰዓቱ በቆዳ ውስጥ የሚያልፈውን ደም በብርሃን ሲለካ የእጅ መወዛወዝ ያደናግረዋል፤ ብዙ ሯጮች ደግሞ በደቂቃ 180 አካባቢ ይረግጣሉ። ምቱ ከእርምጃ ብዛት ጋር ተጣብቆ ከቆመ፣ በተለይ በብርድ ጠዋት፣ ልብን ትቶ እርምጃን ቆጥሯል ብሎ መጠርጠር ይገባል። አሰልጣኙ የተጠቀመበት መለኪያ ግን ከሁለቱም ይቀድማል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው ጣሪያው ላይ አይደለም።

የሱሉልታ አየር ራሱ ሂሳቡን ይለውጠዋል። ሱሉልታ ከአዲስ አበባ በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ እንኳ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ኦክሲጅን ወደ ደም የሚገፋበት ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ዕረፍት ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ጥረት ሲጨምር ግን ደሙ በሳንባ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፤ ኦክሲጅን ሳይሞላም ይወጣል። ትልቅ ልብ ያላቸው ጎበዝ ሯጮች ይህ ይበልጥ ይጎዳቸዋል፤ ደማቸው በሳንባ ውስጥ የሚያልፈው በታላቅ ፍጥነት ነውና። ስለዚህ ያው ሩጫ ሱሉልታ ላይ ከፍ ያለ ምት ይጠይቃል፤ ጣሪያው ላይ ግን ምቱ ከፍ አይልም። ከቆላ የመጣ ሰው ይህን በመጀመሪያው ዳገት ይረዳዋል።

ሲንቲያ ቢልና የሥራ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ በዚያ ከፍታ ላይ ሆነውም ደማቸው በአማካይ 95 በመቶ ኦክሲጅን ሞልቶ፣ ሂሞግሎቢናቸውም የባሕር ጠለል ሰዎች ልክ ሆኖ አግኝተውታል። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ሂሞግሎቢናቸውን ጨምረው፣ የቲቤት ሰዎች በዝቅተኛ የኦክሲጅን ሙሌት ሲኖሩ፣ የሰሜን ሰዎች በሁለቱም መንገድ አልሄዱም። ይህ ግን ተቀምጦ በተለካ ደም ላይ የታየ ነው፤ ስለ ሩጫ ብቃት ያረጋግጣል ማለት አይደለም።

የሂሞግሎቢን ማነስ ግን ስለ ሩጫ በቀጥታ ይናገራል። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 15 ግራም የነበረው ሂሞግሎቢን ወደ 12 ቢወርድ፣ አንድ ሊትር ደም የሚይዘው ኦክሲጅን ከ200 ወደ 160 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። ያው 20 ሊትር ቢላክም ጡንቻው ጋ የሚደርሰው ከ4 ወደ 3.2 ሊትር ወረደ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሯጭ ፍጥነቱ ሳይለወጥ በሶምሶማው ምቱ ለሳምንታት ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ዳገት ላይ ቶሎ ይሰበራል፤ አሰልጣኙም «ሰነፍክ» ሊለው ይችላል። የወር አበባቸው የሚበዛባቸው ሴት ሯጮች ላይ ይህ በተለይ ይከሰታል። የደም ምርመራ ብዙ ብር አይፈጅም፤ ልምምድ ከመጨመር በፊት መደረግ ያለበት እሱ ነው።

ምት ያለ ጥረት ጭማሪ የሚወጣበት ሌላው ምክንያት ሙቀት ነው። በሞቃት አየር አንድ ሰዓት በእኩል ፍጥነት የሮጠ ሰው ምቱ በየደቂቃው ቀስ እያለ ይወጣል። ፍጥነቱ ያው ነው፤ ጡንቻው የሚፈልገው ኦክሲጅንም ያው ነው ማለት ይቻላል። ደሙ ግን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ይሄዳል፤ ላብ ደግሞ የደሙን ውሃ ይወስዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ይቀንስና የአንድ ምት ደሙ ይወርዳል፤ ልብም ጉድለቱን በምት ይሞላል። የአንድ ምት ደም ከ140 ወደ 125 የወረደበት ሯጭ፣ በደቂቃ 21 ሊትር ለመላክ ከ150 ወደ 168 መውጣት አለበት። ምቱ ሯጩ ለሰዓታት ሊቋቋመው ከሚችለው በላይ ሲሆን የሚቀረው ምርጫ ፍጥነትን መቀነስ ነው። ካልቀነሰ ቆዳና ጡንቻ በአንድ ደም ይሻማሉ፤ የሰውነት ሙቀት ይወጣል፤ ሯጩ ይንገዳገዳል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ለሙቀቱ ሲባል እኩለ ሌሊት ላይ ነበር የተጀመረው። ሙቀቱ በዚያ ሰዓት እንኳ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር፤ አየሩም በእርጥበት ስለተሞላ ላብ በቀላሉ አይተንም ነበር። ከ68 ተወዳዳሪዎች 28ቱ አቋረጡ፤ የኢትዮጵያ ሦስት ሯጮችም ከነዚህ መካከል ነበሩ። ያሸነፈችው ኬንያዊት ሩት ቼፕንጌቲች 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሰኮንድ ፈጀባት። በዚያው ዓመት ጥር ወር ዱባይ ላይ ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ8 ሰኮንድ ጨርሳ ነበር። ከሩብ ሰዓት በላይ ዘግይታ ነው የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው።